ከመቆረጫው በላይ የሚቀሩት ቃላት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፣ አንገር ጉቲን፣ ለአባላትና ለደጋፊዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስልካችን ላይ ስላለች አንዲት ትንሽ ነገር ነው። ከፎቶ ሥር ረጅም ጽሑፍ ስንጽፍ ጽሑፉ ሁሉ አይታይም። ጥቂት መስመር ይታይና ሦስት ነጥብ ይደረግበታል፤ ከሦስቱ ነጥቦች አጠገብ እንደ ስልኩ ቋንቋና እንደ መተግበሪያው «See more» ወይም «more» የሚል ይጻፋል። አንባቢው ቀሪውን የሚያየው ያንን ቃል ከነካ ብቻ ነው። ካልነካ እኛ ሌሊት ተቀምጠን የጻፍነው ሁሉ ለእሱ እንዳልተጻፈ ነው።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በተዘዋዋሪ ገንዘባችን ለውዝ ገዝተን፣ ለቅመን፣ ቆልተን፣ ፈጭተን በብልቃጥ አድርገናል። ጉቲን ገበያ ላይ የለውዝ ቅቤ የሚገዛ ብዙ ሰው የለም፤ ለውዙን እንደ ልቡ ከገበሬው ያገኘዋልና። ገዢዎቻችን ነቀምቴ ናቸው፣ አዲስ አበባ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ከአገር ውጭ ሆነው ለቤተሰባቸው የሚያዝዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች እኛን የሚያውቁን በስልክ ብቻ ነው። መደርደሪያ ላይ የቆየ እያንዳንዱ ብልቃጥ ደግሞ የአንዷ አባላችን ያልተመለሰ ብድር ነው፤ እሱ ካልተመለሰ ቀጣዩዋ ተራዋ አይደርስም። ስለዚህ ከመቆረጫው በላይ ስለሚቀሩት ጥቂት ቃላት አንድ ሰዓት ብንነጋገር ጊዜ ማባከን አይሆንም።

መጀመሪያ ልኩን እንወቅ። ኢንስታግራም ላይ ከመቆረጡ በፊት የሚታየው 125 ፊደል ገደማ ነው፤ ክፍት ቦታውም ነጥቡም እንደ ፊደል ይቆጠራል። ፌስቡክ እንደ ስልኩ ስፋት፣ እንደ መስመሩ ብዛት፣ ፎቶ እንዳለውና እንደሌለው ይለያያል። መስመር እየዘለልን ከጻፍን ቶሎ ይቆርጥብናል፤ ባዶው መስመርም ቦታ ይይዛልና። ቲክቶክ ደግሞ ቪዲዮው ላይ አንድ ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚተወው። ቴሌግራም ቻናል ውስጥ ጽሑፉን አይቆርጥም፤ ነገር ግን ሰዎች ወደ ቻናላችን ከመግባታቸው በፊት ዝርዝሩ ላይ ወይም በተቆለፈው ስልካቸው ፊት ላይ የሚያዩት የመጀመሪያዋን መስመር ነው። መቁረጫው ቦታውን ቀየረ እንጂ አልቀረም። ሌላም አለ፤ ቴሌግራም ላይ በነፃ የምንጠቀም ሰዎች ከፎቶ ሥር መጻፍ የምንችለው እስከ 1024 ፊደል ነው። ከዚያ ከበለጠ ጽሑፉ ከፎቶው ተለይቶ ለብቻው መላክ አለበት።

ቁጥሮቹን በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ ኩባንያዎቹም በየጊዜው ይቀያይሯቸዋል። 125ን ብቻ እንደ መስፈሪያ እንውሰድ። 125 ፊደል በአማርኛ ከ20 እስከ 25 ቃል ይይዛል። አሁን በተለመደው አጻጻፋችን 25 ቃል ምን እንደሚሸከም እንይ። ብዙ ማኅበራት እንዲህ ብለው ይጀምራሉ፦

«ሰላም ጤና ይስጥልን ውድ የማኅበራችን ቤተሰቦች፣ በአገር ውስጥም ከአገር ውጭም የምትገኙ ወዳጆቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ በምሥራቅ ወለጋ ዞን በአንገር ጉቲን ከተማ የምንገኝ የሴቶች ራስ አገዝ…»

ቆጥረነዋል። 125ኛው ፊደል «አገዝ» የሚለው ቃል የመጨረሻ ፊደል ላይ ያርፋል። «ማኅበር» የሚለው ቃል እንኳ አልደረሰም። ለውዝ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ዋጋ የለም። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ በአውራ ጣቱ ስክሪኑን ወደ ላይ የሚገፋው ሰው ያየው ሰላምታ ብቻ ነው። ሰላምታ ደግሞ በዚያው ደቂቃ ከሌላ አሥር ሰው ደርሶታል።

ሰላምታው ክፉ ሆኖ አይደለም። ከደብዳቤ ዘመን የወረስነው ነው። ያን ጊዜ አንድ ደብዳቤ ስንት ቀን ተጉዞ ነበር የሚደርሰው፤ ተቀባዩ ተቀምጦ፣ ፖስታውን ቀዶ፣ ምናልባትም ለጎረቤት እያነበበ ይሰማዋል። ከላይ እስከ ታች እንደሚነበብ የታወቀ ነበር። ስለዚህ የጤና ጥያቄው ግማሽ ገጽ ቢወስድ ማንንም አያስቸግርም። ከፎቶ ሥር ያለው ጽሑፍ ግን ገና ያልተከፈተ ፖስታ ነው፤ የሚታየው ጽሑፍ ፖስታው ላይ የተጻፈው ነው። ሰላምታውን አንተወውም፣ ከመቆረጫው በታች እናወርደዋለን። የከፈተው ሰው እዚያ ያገኘዋል፤ እንዲያውም የተሻለ ይሰማዋል፣ እንግዳ ቤት ከገባ በኋላ ነውና ደህና ነህ የሚባለው።

ሁለተኛው ችግር ከሰላምታው ይልቅ ጠለቅ ያለ ነው፤ ከቋንቋችን አሠራር የሚመጣ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ማን፣ ለማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን የሚሉት ሁሉ ይቀድማሉ፤ «ምን ሆነ?» የሚለው ግን እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ይጠበቃል። ፊት ለፊት ስንነጋገር ይህ ችግር የለውም፣ አድማጩ ይጠብቃል። መቁረጫው ግን አይጠብቅም። ዓረፍተ ነገሩን ከመካከሉ ሲጎምደው የሚጠፋው ሁልጊዜ ዋናው ነገር ነው።

ይባስ ብሎ «አይደለም»ን የምንለውም በግሱ ላይ ነው። እስቲ ይህን ምሳሌ ስሙ። አንድ ማኅበር በቴሌግራም ለአባላቱ እንዲህ ብሎ ላከ እንበል፦

«ማኅበራችን ለአባላት የሚሰጠውን ብድር ከመጪው ወር ጀምሮ እንዲያቆም ከአንዳንድ አባላት የቀረበለትን ሐሳብ በጠቅላላ ጉባኤው ተወያይቶበት አልተቀበለውም።»

ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው፤ ሰዋስውም ጨዋነትም አልጎደለውም። የተቆለፈ ስልክ ላይ 40 ፊደል ያህል ብቻ የምታይ አባል ግን የምታነበው «ማኅበራችን ለአባላት የሚሰጠውን ብድር ከመጪው ወር ጀምሮ እንዲያቆም…» የሚለውን ነው። ከዚያ ስልኳን ወደ መቀነቷ ትመልሳለች። ወፍጮ ቤት ስትደርስ ለጎረቤቷ «ብድሩ ሊቆም ነው» ትላለች። በማግሥቱ ቁጠባችንን መልሱልን የሚል ሰልፍ ይሆናል። ማንም አልዋሸም፤ «አል» እና «ም» የተባሉት ሁለት ቁርጥራጮች ከመቆረጫው ማዶ ስለቀሩ ብቻ ነው።

ይህን ማስተካከል ቀላል ነው፦ «ብድር አይቋረጥም።» አሥራ አንድ ፊደል ናት፤ አራት ነጥቧም ክፍት ቦታዋም ውስጧ ነው። ማን ሐሳብ እንዳቀረበ፣ ጉባኤው ምን እንዳለ ከዚያ በታች እንደፈለግን እናስፋፋው። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አጭር ይሁን፣ ግሱም ከመቆረጫው በላይ ይደር።

ዜና አቅራቢዎችም ይህን ችግር ያውቁታል። በሬዲዮ የለመድነው የዜና አማርኛ በመሥሪያ ቤት ስም ይጀምርና «አስታወቀ» ወይም «ገለጸ» በሚል ግስ ይዘጋል፤ መካከሉ እንደ ነቀምቴ መንገድ ይጠማዘዛል። ቴሌግራም ላይ ብዙ ተከታይ ያለው ቲክቫህ ኢትዮጵያ ብዙ ዜናዎቹን የሚጀምረው ግን ከተናጋሪው አፍ የወጣውን አንድ ዓረፍተ ነገር በትእምርተ ጥቅስ አስቀድሞ ነው፤ ማን እንደተናገረው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሰው ሲናገር ደግሞ እንደ መሥሪያ ቤት አይናገርም፤ ንግግሩ አጭር ነው፣ ግሱም ቅርብ ነው። እኛም የአባሎቻችንን አንደበት እንዲህ ማስቀደም እንችላለን።

አሁን ወደ ለውዙ እንመለስ፤ አንዱን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን እንሥራው።

በመጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ «የለውዝ ቅቤ አለን፤ የምትፈልጉ ደውሉልን» የሚል ነበር። በእኛ አስተያየት ይህ መጥፎ አይደለም። የሚያውቁን ደንበኞች ባሉበት ግሩፕ ውስጥ ከዚህ በላይ ቃል ማባከን አያስፈልግም፤ ሰውዬው ቅቤው አልቆበት እየጠበቀን ነው። ረጅም ጽሑፍም አይደለም፣ የሚቆረጥ ነገር የለውም። ችግሩ የማያውቀን ሰው ጋ ሲደርስ ነው። ለእሱ ነገሩ ተጀምሮ አልቋል፤ አያስፈልገኝም ብሎ ያልፋል።

ሁለተኛው ሐሳብ የመጣው ከወጣቶቻችን ነው፦ «ይህን ሳታውቁ የለውዝ ቅቤ እንዳትገዙ!!!» ሦስት ቃለ አጋኖ ነበረው፤ ቀይ መብራትም ተለጥፎበታል። ይህ ዓይነቱ ስልክ ላይ ሞልቷል፣ ሰውም ይከፍተዋል። የጣልነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ሲከፈት የሚገኘው ከተፈራው ጋር አይመጣጠንም፤ ሰው መርዝ አለበት ሊሉኝ ነው ብሎ ከፍቶ የስልክ ቁጥር ያገኛል። ሁለተኛው ምክንያት ገበያ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ሴቶች ይመለከታል፤ እኛ የለውዝ ቅቤን ካስፈራን የሚፈራው የእነሱም ጭምር ነው። ፌስቡክም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ነገር ደብቀው ወይም አጋንነው የሚያስከፍቱ ርዕሶችን ለሰው የሚያሳይበትን መጠን እንደሚቀንስ አስታውቋል፤ ስለዚህ ሐቀኝነቱን ብንተወው እንኳ በሒሳብም አያዋጣም።

ሦስተኛውን ያገኘነው ከገዢ ጥያቄ ነው። የለውዝ ቅቤ የገዛ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ አለ፦ «ከላይ ዘይት ሰፍሯል፤ ዘይት ጨምራችሁበታል እንዴ?» አንዳንዱ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለማብዛት ሲሉ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ይህን ጥያቄ ራሱን ወደ ላይ አመጣነው፦

«የለውዝ ቅቤያችንን ስትከፍቱ ዘይት ከላይ ተንሳፍፎ ታገኛላችሁ። ዘይት አልጨመርንም። ከየት መጣ?»

60 ፊደል፣ 11 ቃል። ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ግሳቸውን ይዘው ቆመዋል። ገና ከ60 ፊደል በላይ ቦታ ስላለን ከየት እንደሆንና ምን እንዳለበት ጨመርንበት፦

«የለውዝ ቅቤያችንን ስትከፍቱ ዘይት ከላይ ተንሳፍፎ ታገኛላችሁ። የጨመርነው ዘይት የለም፤ ያለበት የአንገር ጉቲን ለውዝና ጨው ብቻ ነው። ታዲያ ከየት መጣ?»

97 ፊደል ሆነ። መቁረጫው 125ኛው ፊደል ላይ ካረፈ፣ ጽሑፉን ያልከፈተው ሰው እንኳ ምን እንደምንሸጥ፣ ከየት እንደሆነ፣ ምን እንዳለበት አውቋል። ሳይከፍት ቢያልፍም ባዶ እጁን አልሄደም። የከፈተው ደግሞ የሚፈልገው መልስ አለው።

ለምን ይከፍታል? እዚህ ላይ ከአያቶቻችን የተማርነውን ማስታወስ ይበቃል። «እንቆቅልሽ» ስንባል «ምን አውቅልሽ» እንላለን። እንቆቅልሹ ግማሹን ይነግረናል፣ ግማሹን ይይዝብናል፤ ስለማናውቀው ነገር ሳይሆን ልናውቀው ትንሽ ስለቀረን ነገር ነው የሚያስጨንቀን። መልሱን ካጣነው «አገር ስጪኝ» እስከማለት ትደርሳለች ጠያቂዋ፣ እኛም አገር ሰጥተን መልሱን እንገዛለን። ጆርጅ ሎወንስታይን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ የማወቅ ጉጉት የሚነሳው በምናውቀውና ማወቅ በምንፈልገው መካከል ክፍተት ሲታየን ነው ይላል። ምንም የማናውቀው ነገር አይጎትተንም ማለት ነው። «አስገራሚ ነገር ይዘን መጥተናል» የሚለው አጀማመር የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ግማሹን እንኳ አልነገረንም። «ዘይት አለ፣ ዘይት አልጨመርንም» የሚለው ግን ሁለት የሚጋጩ የሚመስሉ እውነቶችን ሰጥቶ ማስታረቂያውን ብቻ ያስቀራል።

እንቆቅልሽ ግን ሕግ አለው፤ አገር የተቀበለች ጠያቂ መልሱን መናገር ግዴታዋ ነው። ስለዚህ ከመቆረጫው ቀጥሎ የመጣው ዓረፍተ ነገር ሰላምታ መሆን የለበትም፣ የማኅበሩ ታሪክም መሆን የለበትም። መልሱ ራሱ ነው መሆን ያለበት። እኛ እንዲህ ቀጠልነው፦ ለውዝ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ሲፈጭ በፍሬው ውስጥ የነበረው ዘይት ይለቀቃል፤ ብልቃጡ ሲቀመጥ ከባዱ ዱቄት ወደ ታች፣ ቀላሉ ዘይት ወደ ላይ ይሄዳል። አንዳንድ ፋብሪካዎች እንዳይለያይ የሚያረጋ ስብ ይጨምሩበታል፤ እኛ አንጨምርም። በንጹሕ ደረቅ ማንኪያ አማስሉትና ይመለሳል። ዘይቱን አትድፉት፤ ከደፋችሁት የቀረው ይደርቅባችኋል።

ከዚህ በኋላ ነው ስለ ለቀማው የጻፍነው፤ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና ሻጋታ የነካውን ፍሬ አባሎቻችን በእጃቸው እንደሚያወጡ፣ ምክንያቱም በሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ በቆላነው ብቻ እንደማይጠፋ። ከዚያ የብልቃጡ መጠን፣ ዋጋው፣ ነቀምቴና አዲስ አበባ እንዴት እንደሚደርስ፣ ስልክ ቁጥር፤ በመጨረሻም ሰላምታና ምስጋና። ለደጋፊዎቻችን የሚሆነው አንድ ዓረፍተ ነገርም እዚያው አለ፤ የብልቃጡ ትርፍ ወደ ብድሩ ሣጥን እንደሚመለስ።

ዋጋው ላይ ክርክር ነበረን። ግማሾቻችን ከላይ ይሁን አልን፣ ግማሾቻችን ከታች። የተስማማነው በዚህ ነው፦ ዋጋችን ከሌላው የሚረክስ ከሆነ ከላይ ይምጣ፣ እሱ ራሱ መክፈቻ ነው። የሚወደድ ከሆነ ለምን እንደተወደደ ካስረዳን በኋላ ይምጣ፤ ግን በምንም ምክንያት አይቅር። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ሰው ጠልቶታል፤ እኛም ስንገዛ እንጠላዋለን።

ይኼ ዘዴ ለለውዝ ብቻ አይደለም። ማር የምትሸጡ አባላት ገዢ ሁሉ የሚጠይቃችሁን ታውቃላችሁ፤ ማሩ ሲረጋ ስኳር ገብቶበታል ይላሉ። «ማራችን ረግቷል። ስኳር ስለገባበት አይደለም።» በቃ። ከታች ማር በተፈጥሮው እንደሚረጋ፣ ብልቃጡን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ብታቆሙት እንደሚመለስ፣ ኃይለኛ እሳት ግን ጣዕሙን እንደሚያበላሸው ትጽፋላችሁ። ሌላ ምርት የያዛችሁ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ገዢ ሁለት ሦስቴ የጠየቃችሁን ነገር በደብተር ያዙት። የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር ከራሳችን አእምሮ ብዙ አይፈልቅም፣ ከገዢ አፍ ነው የሚለቀመው።

ለደጋፊዎች የምንጽፈው ሪፖርት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ዛሬ እዚህ ስላላችሁም በግልጽ ብንነጋገር ይሻላል። ለእርዳታ የሚጻፍ ጽሑፍ በእንባ እንዲጀምር ይለመዳል። የአንዲት እናት ፊት፣ የልጇ እግር፣ «የሚበሉት አጥተው…» የሚል መስመር። ሰው ይከፍተዋል፣ አይካድም። ግን ያቺ እናት የእኛው ጎረቤት ናት፤ ስልክ ያለው የአጎቷ ልጅም ያየዋል፣ ልጇም አድጎ ያየዋል። ስለዚህ ስሟንና ፊቷን ያለ ፈቃዷ አናወጣም፤ የመጀመሪያውን መስመርም ለችግሯ ሳይሆን ለወሰነችው ነገር እንሰጠዋለን። እንዲህ ያለ ነገር እንበል፦ «ብድሩን የወሰደችው ዶሮ ለማርባት ነው። የመጀመሪያውን ክፍያ የከፈለችው ግን ዶሮዎቹን ሸጣ ነው።» ይህን ያነበበ ደጋፊ ከሰረች ማለት ነው? አትርፋ ነው? ብሎ ይከፍታል። ከታች ደግሞ ሐቁን ያገኛል፤ ከስራ ከሸጠችም እንደከሰረች፣ በሽታ ገብቶ ከሆነም ክትባቱ ለምን እንደዘገየ። ኪሳራን ደብቆ ድልን ብቻ ከሚናገር ሪፖርት ይልቅ ይህን የሚያምኑት ይመስለናል። ተሳስተን ከሆነ ከሻይ በኋላ ንገሩን።

ሌላው የእኛ አካባቢ ብቻ የሚያውቀው ጉዳይ ቋንቋ ነው። ግማሾቻችን በአፋን ኦሮሞ፣ ግማሾቻችን በአማርኛ እንጽፋለን፤ ገዢዎቻችንም እንደዚያው ናቸው። አንዱን ሙሉ ጽሑፍ አስቀድመን ሌላውን ከሥሩ ካስቀመጥን ሁለተኛው ቋንቋ ሁልጊዜ ከመቆረጫው በታች ይቀራል፤ ያ አንባቢ ለእሱ መጻፉንም አያውቅም። በቁቤ ሲጻፍ አናባቢው ለብቻው ስለሚጻፍ፣ ሲረዝምም ስለሚደገም፣ ያው ሐሳብ በፊደል ቁጥር ከአማርኛው ይበዛል፤ 125ቱ ቶሎ ያልቃሉ። ሁለት መውጫ አለ። ቀላሉ ሁለት የተለያየ ጽሑፍ ማውጣት ነው፤ አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ማታ። በአንድ ላይ መሆን ካለበት ግን የሁለቱንም ቋንቋ አንዳንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ከላይ አስቀምጠን ዝርዝሩን በየተራ ከታች እናድርገው። የለውዙን በ60 ፊደል መጻፍ መቻላችን የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው።

ጽሑፉ እንደሠራና እንዳልሠራ በምን እናውቃለን? የተመለከተው ሰው ቁጥር ብዙ አይነግረንም። ቴሌግራም ላይ ከዓይን ምልክቷ አጠገብ ያለው ቁጥር ጽሑፉ ስንት ሰው ፊት እንደታየ እንጂ ስንቱ እንዳነበበው አይደለም። ከዚያ ይልቅ ሰዎች የሚጠይቁትን እዩ። ዋጋው ከታች በግልጽ ተጽፎ እያለ አምስት ሰው ተከታትሎ «ዋጋው ስንት ነው?» ካለ አልከፈቱትም ማለት ነው፤ ፎቶውን ወደውታል፣ የመጀመሪያው መስመር ግን አልያዛቸውም። «ከውጭ አገር እንዴት ይታዘዛል?» ወይም «የተማሰለው እስከ መቼ ይቆያል?» ካሉ እስከ ታች ወርደዋል። ከፍተው «ለዚህ ነው እንዴ?» ብለው ከተቆጡ ደግሞ እንቆቅልሹ ከመልሱ በልጧል፤ መክፈቻውን ዝቅ ማድረግ ነው።

ከመለጠፋችን በፊትም መፈተሻ አለን። ፌስቡክ ላይ ጽሑፉን መጀመሪያ «Only me» በሚለው አድርጋችሁ ብትለጥፉት ከእናንተ በቀር ማንም ሳያየው የት ላይ እንደተቆረጠ ታያላችሁ። በቴሌግራም ከሆነ ለአንዷ እህት ላኩላትና ስልኳን ሳትከፍት የታያትን ታንብብላችሁ። ስልኳ አሮጌና ጠባብ ቢሆን ይመረጣል፤ በሰፊ ስልክ የሚያምር መስመር እዚያ ላይ ይጎመዳል። ኔትወርክ ሲዳከምም ፎቶው ሳይመጣ ጽሑፉ ይቀድማል፤ ስለዚህ «ከላይ በፎቶው እንደምታዩት» ብለን አንጀምር፣ የሚያዩት ነገር ላይኖር ይችላል።

ከዚያ እስከ መቆረጫው ያለውን ብቻ ምንም ለማታውቅ ጎረቤት ጮክ ብላችሁ አንብቡላትና ዝም በሉ። «እሺ፣ ታዲያ?» ካለች ገና አልደረሰም። «ታዲያ ዘይቱ ከየት መጣ?» ካለች ጨርሳችኋል።

አሁን ስልካችሁን አውጡና ባለፈው ወር ከለጠፋችሁት አንዱን ክፈቱ። የሰሊጥ ሻጮች በዚህ በኩል፣ የበርበሬ ሻጮች በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፤ የመጀመሪያዎቹን 25 ቃላት በደብተራችሁ ገልብጡና ከሥሩ አስምሩበት። የማር ሻጮች ከእኛ ጋር ወደ ፊት ቅረቡ።